ሦስቱ ሳጥኖች፦ በኮድ የተሰጠ የብልጫ ሰንሰለት እንዴት ይፈታል?

አንድ ጥያቄ ላስቀምጥና ከሱ እንነሳ። እስከ መጨረሻው ከዚህ ጥያቄ ብዙም አንርቅም፤ ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ያዙ።

መጀመሪያ ኮዱ ይኸውና፦

```
P @ Q : P ከ Q አያንስም
P # Q : P ከ Q አይበልጥም
P $ Q : P ከ Q አይበልጥም፣ እኩልም አይደለም
P % Q : P ከ Q አያንስም፣ እኩልም አይደለም
P & Q : P ከ Q አይበልጥም፣ አያንስምም
```

ቀጥሎ አምስት መግለጫዎች፦

```
K @ M,  T $ R,  M & R,  W # T,  H % T
```

መግለጫዎቹ ሁሉም እውነት ናቸው ተብሎ ተነግሮናል። ጥያቄው ከሚከተሉት ስድስት ድምዳሜዎች የትኞቹ የግድ እውነት ይሆናሉ የሚል ነው፦

```
(1) K % W
(2) K % R
(3) K & R
(4) H % W
(5) H @ M
(6) M % H
```

ሒሳብ ይመስላል እንጂ የሚደመርም የሚቀነስም ነገር የለውም። ፊደሎቹ ቁጥር ናቸው፤ ስንት እንደሆኑ ግን አናውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገንም። ሰው የሚሳሳተው በስሌት አይደለም። «የግድ» የምትለዋን ቃል ዘሎ ስለሚያልፍ ነው። ድምዳሜውን ያይና «ይሄ ሊሆን ይችላል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከስድስቱ ሁሉም ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲህ ከጠየቃችሁ ስድስቱንም ልክ ብላችሁ ትወጣላችሁ። ትክክለኛው ጥያቄ ተቃራኒው ነው፦ መግለጫዎቹ ሁሉ እንደተጠበቁ ይሄ ድምዳሜ ውሸት ሊሆን ይችላል ወይ? አንዲት ቀዳዳ ከተገኘች ድምዳሜው የግድ አይደለም።

ኮዱን በመሰረዝ ፍቱት

ሁለት ቁጥሮችን ስናወዳድር ያለን ዕድል ሦስት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ይበልጣል፣ እኩል ይሆናል፣ ወይም ያንሳል። አራተኛ የለም። እነዚህን ሦስት ሳጥኖች አድርጋችሁ አስቧቸው፦

```
[ > ]  [ = ]  [ < ]
```

ኮዱ በ«አይደለም» የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው፤ ለማምታታት። ስለዚህ ትርጉሙን በጭንቅላታችሁ ለመገልበጥ አትታገሉ። የተከለከለውን ሳጥን ሰርዙና የቀረውን አንብቡ። «አያንስም» ሲል < ይሰረዛል። የቀሩት > እና = ናቸው፤ ስለዚህ @ ማለት ≥ ነው። «አይበልጥም» ሲል > ይሰረዛል፤ # ማለት ≤ ሆነ። «አይበልጥም፣ እኩልም አይደለም» ሁለት ሳጥን ይሰርዛል፣ የቀረው < ብቻ ነው። በዚሁ መንገድ % ማለት >፣ & ማለት ደግሞ = ይሆናል።

```
@ : ≥     # : ≤     $ : <     % : >     & : =
```

እዚህ ላይ የምትይዘን «አያንስም» ናት። በጨዋታ መሃል «አዳራሹ ውስጥ ከመቶ ሰው አያንስም» ሲባል ጆሯችን «ከመቶ በላይ ነው» ብሎ ይሰማል። ልክ መቶ ሰው ቢገኝም ግን ተናጋሪው አልዋሸም። ያቺ የእኩልነት ሳጥን አልተሰረዘችም። የዚህ ዓይነት ጥያቄ ግማሹ ወጥመድ የተጠመደው እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው።

ሁለት ትናንሽ ማሳሰቢያዎች። ድምዳሜዎቹም በኮድ የተጻፉ ናቸውና እነሱንም ፍቷቸው፤ መግለጫውን ፈትቶ ድምዳሜውን በግምት የሚያነብ ብዙ ነው። ሌላው፣ የምልክቶቹ ትርጉም ከጥያቄ ጥያቄ ይቀያየራል። እዚህ @ ማለት ≥ ስለሆነ ሌላ ቦታም እንዲሁ ነው ማለት አይደለም። በየጥያቄው አዲስ ሰንጠረዥ ጻፉ። አሥር ሴኮንድ ቢፈጅ ነው።

ወደ አንድ መስመር ማምጣት

የተፈቱት መግለጫዎች እነዚህ ናቸው፦

```
K ≥ M     T < R     M = R     W ≤ T     H > T
```

አሁን የጋራ ፊደል ያላቸውን እናያይዝ። K ≥ M እና M = R በ M ይገናኛሉ። ቀጥሎ T < R አለ፤ እዚህ R በቀኝ በኩል ስለሆነ መገልበጥ አለበት። መገልበጥ ማለት ፊደሎቹም ምልክቱም ይዞራሉ ማለት ነው፦ R > T። ፊደሎቹን አቀያይሮ ምልክቱን እንደነበረ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የምልክቱ አፍ የሚከፈተው ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ነው። በ T < R አፉ ወደ R ተከፍቷል፤ ከተገለበጠ በኋላም ወደ R መከፈት አለበት። W ≤ T እንዲሁ T ≥ W ይሆናል።

```
K ≥ M = R > T ≥ W
H > T
```

H ከዋናው መስመር ውጪ ቀረ። በግድ አትክተቱት። H ከ T እንደሚበልጥ እናውቃለን፤ ከ R ወይም ከ K ጋር ያለውን ግንኙነት ግን የነገረን የለም። «K > H > T» ወይም «H > K > T» ብሎ መስመር ውስጥ መሸጎጥ ያልተሰጠ መረጃ መፍጠር ነው። እኔ H-ን ከ T በላይ ጽፌ በትንሽ መስመር አያይዛታለሁ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ። ዓይን ቅርንጫፉን ካየ በኋላ አይሳሳትም።

ከፊደል ወደ ፊደል መሄድ

አንድ ድምዳሜ ስለ ሁለት ፊደሎች ነው የሚያወራው። ሥራችሁ ከአንዱ ተነስቶ በሰንሰለቱ ላይ እስከ ሌላው መሄድና በመንገድ ላይ ያሉትን ምልክቶች ብቻ ማየት ነው። ከመንገዱ ውጪ ያለውን እርሱት። በመንገዱ ላይ ሁለት ነገር ትመለከታላችሁ፦ አቅጣጫና ጥብቀት።

ከአቅጣጫ እንጀምር። በመንገዱ ላይ ያሉት አፎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከተከፈቱ ግንኙነት አለ። የእኩል ምልክት አፍ የለውም፤ ዝም ብላችሁ እለፉት። አንዱ አፍ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ከተከፈተ ግን መንገዱ ምንም አይነግረንም።

ድምዳሜ (5)ን እዩት፦ H ከ M ጋር። ከ H ተነስተን በ T በኩል ወደ M ስንሄድ የምናገኘው ይሄ ነው፦

```
H > T < R = M
```

አፎቹ ተጋጩ። H ከ T ይበልጣል፣ M-ም ከ T ይበልጣል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ልጅ ይረዝማሉ ቢባል ከሁለቱ ማን እንደሚረዝም አይታወቅም። ከሦስቱ ሳጥኖች አንዱም አልተሰረዘም። ስለዚህ (5) ብቻውን የግድ አይደለም፣ (6)-ም ብቻውን የግድ አይደለም። ብቻቸውን አልኩ፤ ወደነሱ እንመለሳለን።

አሁን ጥብቀት። አቅጣጫው አንድ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ውጤቱ > ነው ወይስ ≥ የሚለው ነው። ድምዳሜ (1) ከ K ወደ W ነው፦

```
K ≥ M = R > T ≥ W
```

ሁለት ≥፣ አንድ =፣ አንድ > አሉ። ብዙ ሰው ≥ ሁለት ጊዜ ስላየ «እኩል ሊሆኑም ይችላሉ» ብሎ ያመነታል። አይችሉም። ምክንያቱን ቀስ ብለን እንየው። K እና W እኩል እንዲሆኑ K ወደ W መውረድ የለበትም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ባለበት መቆየት አለበት። ከ K ወደ M ሳይወርድ ሊያልፍ ይችላል፣ ≥ ይፈቅዳል። ከ M ወደ R እኩል ነው። ከ R ወደ T ሲደርስ ግን > አለ፤ እዚያ የግድ ይወርዳል። አንዴ ከወረደ በኋላ ደግሞ የሚያወጣው ምልክት የለም፣ አፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ናቸውና። ስለዚህ W ከ K በታች ነው። በመንገዱ ላይ አንድ > እንኳ ካለ ውጤቱ > ነው። ≥ የሚሆነው መንገዱ ላይ ≥ እና = ብቻ ሲኖሩ ነው። ሁሉም = ከሆኑ ውጤቱ = ነው።

በዚህ መሠረት (1) የግድ ነው። (4)-ም እንዲሁ፦ H > T ≥ W፣ አቅጣጫው አንድ ነው፣ አንድ > አለ፣ ስለዚህ H > W። ሁለቱ አለቁ።

እኩልነት የተደበቀባት ሳጥን

(2) እና (3) ስለ K እና R ናቸው። መንገዱ አጭር ነው፦

```
K ≥ M = R
```

ጥብቅ ምልክት የለም፤ ስለዚህ የምናውቀው K ≥ R ብቻ ነው። በሳጥኖቻችን ቋንቋ < ተሰርዟል፣ > እና = ቀርተዋል።

(2) K > R ይላል። የ = ሳጥን ገና ክፍት ነው፤ ሁለቱም 10 ቢሆኑ መግለጫዎቹ አይጣሱም፣ ድምዳሜው ግን ውሸት ይሆናል። የግድ አይደለም። (3) K = R ይላል። የ > ሳጥን ክፍት ነው፤ K 11፣ R 10 ቢሆን ይሄም ይወድቃል። የግድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠቅላላ ሕግ ይወጣል፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትያዙ ብባል ይሄን እመርጣለሁ። ለሁለቱ ፊደሎች ያልተሰረዙትን ሳጥኖች ቁጠሩ። ድምዳሜው እነዚያን የቀሩ ሳጥኖች ሁሉ የሚሸፍን ከሆነ የግድ ነው። አንዷን እንኳ ካልሸፈነ የግድ አይደለም። K እና R ላይ የቀሩት > እና = ናቸው። «K > R» አንዷን ብቻ ይሸፍናል። «K ≥ R» ቢባል ኖሮ ሁለቱንም ይሸፍን ነበር፤ የግድ ይሆን ነበር።

ይሄ ሕግ አንድ የተለመደ ክርክርም ይፈታል። K > W መሆኑን አረጋግጠናል። ድምዳሜው «K ≥ W» ቢሆንስ? የቀረችው ሳጥን > ብቻ ናት፣ ≥ ደግሞ እሷን ይሸፍናል። በሎጂክ የግድ እውነት ነው፤ ከ5 የሚበልጥ ቁጥር ከ5 አያንስም። ይሁንና አንዳንድ የመልስ ቁልፎች «ትክክለኛው ግንኙነት > ነው፣ ≥ አይደለም» ብለው ይህን አይከተልም ይሉታል። በእኔ አስተያየት ስህተት ነው። ነገር ግን ፈተናው ላይ ከቁልፉ ጋር መሟገት አይቻልምና ከጥያቄዎቹ በፊት የተሠራ ምሳሌ ካለ እሱን አይታችሁ የትኛውን ልማድ እንደሚከተሉ አረጋግጡ።

«ወይ ይሄ ወይ ያ»

የመልስ ምርጫዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ወይ (2) ወይ (3) እውነት ነው» የሚል አለ። ሰው እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ ጨርሶ ይረሳዋል፤ ሁለቱንም «አይከተልም» ብሎ ያልፋል። ሌላው ሁለት ድምዳሜ አጠራጣሪ በሆኑ ቁጥር «ወይ ይሄ ወይ ያ» ላይ ምልክት ያደርጋል።

ሕጉ ያው የሳጥኑ ሕግ ነው። ሁለቱ ድምዳሜዎች ብቻቸውን የግድ ካልሆኑ፣ ስለ እነዚያው ሁለት ነገሮች የሚያወሩ ከሆነ፣ እና ተደምረው የቀሩትን ሳጥኖች ሁሉ ከሸፈኑ፣ ከሁለቱ አንዱ የግድ እውነት ነው። (2) እና (3)ን እንያቸው። የቀሩት > እና = ናቸው። (2) >ን ይሸፍናል፣ (3) =ን ይሸፍናል። ያልተሸፈነ የለም። ስለዚህ ወይ (2) ወይ (3) የግድ እውነት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አናውቅም።

(5) እና (6) ትንሽ ተሸፋፍነዋል። (5) H ≥ M ነው፤ (6) M > H። ፊደሎቹ ተገልብጠው ስለተጻፉ ጥንድ አይመስሉም። (6)ን ስትገለብጡት H < M ይሆናል። በ H እና በ M መካከል ሦስቱም ሳጥኖች ክፍት እንደነበሩ አስታውሱ። (5) > እና =ን ይሸፍናል፣ (6) <ን ይሸፍናል። ሦስቱም ተሸፈኑ። ስለዚህ እዚህም ወይ (5) ወይ (6) የግድ እውነት ነው። የሚገርመው ስለ H እና M ምንም ሳናውቅ ነው ይህን ያልነው። መግለጫዎቹ ባይሰጡንም ያው ነበር፣ ሦስቱን ሳጥኖች የሸፈነ ንግግር ሊሳት አይችልምና።

አሁን (5)ን ትንሽ እንቀይረውና H % M እናድርገው፣ ማለትም H > M። ከ (6) ጋር ሲጣመር «ወይ H ይበልጣል ወይ M ይበልጣል» ሆነ። በወሬ ደረጃ ሁሉን የጨረሰ ይመስላል። የ = ሳጥን ግን ክፍት ቀርታለች። H 10፣ M 10፣ T 5 ቢሆኑ ሁሉም መግለጫ ይጠበቃል፣ ሁለቱም ድምዳሜ ይወድቃል። ስለዚህ «ወይ ይሄ ወይ ያ» አይሠራም። ሦስቱም ሳጥኖች ክፍት ሲሆኑ የሚሠሩት ጥንዶች ≥ ከ < ጋር፣ > ከ ≤ ጋር፣ እና ≥ ከ ≤ ጋር ናቸው። መሸምደድ አያስፈልግም፤ ሳጥኖቹን ቆጥሮ ማየት ይበቃል።

አንድ ረቀቅ ያለ ነገር ልጨምር። (3) ላይ K & R በማለት ፈንታ K & M ተብሎ ቢጻፍስ? ፊደሎቹ ከ (2) ጋር አንድ አይደሉም፤ K እና R፣ K እና M። ችኩል ሰው «የተለያዩ ፊደሎች ናቸው» ብሎ ያልፋል። ግን M = R ተብሎ ተሰጥቷል። M እና R የአንድ ቁጥር ሁለት ስሞች ናቸው። K = M ማለት K = R ማለት ነው፤ ጥንዱ እንዳለ ይቆያል። ለዚህ ነው ቀደም ሲል «ስለ እነዚያው ሁለት ነገሮች» ያልኩት፤ «ስለ እነዚያው ሁለት ፊደሎች» አላልኩም።

ቁጥር አስገብቶ መፈተን፣ ግን በዘዴ

ምልክቶቹ ሲደበላለቁባችሁ ቁጥር ማስገባት ጥሩ መሣሪያ ነው። ብቻ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ እወቁ። ድምዳሜውን የሚጥል አንድ ምሳሌ ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ፤ የግድ አይደለም። ድምዳሜውን የሚደግፉ ሃያ ምሳሌዎች ግን ምንም አያረጋግጡም፤ ሃያ አንደኛው ሊጥለው ይችላል።

እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ። ልምምድ በጀመርኩ ሰሞን እንደ (2) ላለ ድምዳሜ ሦስት ጊዜ ቁጥር አስገባሁ። ሦስቱም ጊዜ K ከ R በለጠ። «የግድ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ተሳሳትኩ። ቆይቶ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ለተለያዩ ፊደሎች ቁጥር ስጥ ሲባል እጃችን በራሱ የተለያዩ ቁጥሮችን ይሰጣል። K 9፣ M 7፣ T 4 እያልን እንሄዳለን። ሁለት ፊደሎች አንድ ቁጥር ሊጋሩ እንደሚችሉ ማንም አያስታውሰንም። ስለዚህ ያቺ ወጥመድ ያለባት የእኩልነት ሳጥን ሳትፈተሽ ትቀራለች።

መፍትሔው ቁጥሮቹን በሁለት ዙር መምረጥ ነው። በመጀመሪያው ዙር ≥ እና ≤ ያሉበትን ሁሉ እኩል አድርጉ። በእኛ ጥያቄ K፣ M እና R ሦስቱም 10፣ T እና W ሁለቱም 5፣ H 6 ይሁን። በዚህ ዙር (2) ወደቀ፣ (5)-ም ወደቀ። በሁለተኛው ዙር እነዚያኑ ቦታዎች አስፉ፦ K 20፣ M እና R 10፣ T 5፣ W 1፣ ቅርንጫፍ ላይ ያለውን H ደግሞ ወደ ላይ አውጡትና 30 አድርጉት። አሁን (3) ወደቀ፣ (6)-ም ወደቀ። በሁለቱም ዙር ሳይወድቁ የቀሩት (1) እና (4) ብቻ ናቸው፤ መንገዱን ተከትለን ያረጋገጥናቸውም እነሱ ናቸው። ሁለቱ ዘዴዎች ካልተስማሙ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ምልክት ሲገለበጥ የተፈጠረ ነው።

ስለዚህ የጥያቄው መልስ፦ (1) እና (4) የግድ ናቸው፤ ወይ (2) ወይ (3)፤ ወይ (5) ወይ (6)።

መንገዱ ከአንድ በላይ ሲሆን

እስካሁን ከአንድ ፊደል ወደ ሌላው አንድ መንገድ ብቻ ነበረን። በጥያቄያችን ላይ ስድስተኛ መግለጫ ብንጨምር ነገሩ ይቀየራል። H @ K እንጨምር፣ ማለትም H ≥ K። አሁን ከ H ወደ M ሁለት መንገድ አለ። በ T በኩል ያለው አሁንም የተጋጨ ነው፣ ምንም አይልም። በ K በኩል ግን H ≥ K ≥ M ይላል። አንድ የሚናገር መንገድ ከተገኘ ዝም ያለው አያፈርሰውም። ስለዚህ (5) የግድ ሆነ፣ (6) ደግሞ የማይሆን። «ወይ (5) ወይ (6)» የሚለው ምርጫም ከእንግዲህ መልስ አይደለም፤ ምክንያቱም አንዱ ለይቶለታል። የተጋጨ መንገድ ስታገኙ ቶሎ «አይታወቅም» አትበሉ፤ ሌላ መንገድ እንዳለ ሰንሰለቱን ዞር ብላችሁ እዩ።

ሁለት መንገዶች ሁለቱም ሲናገሩ ደግሞ የሰረዙት ሁሉ ይሰረዛል። በ H @ K ፈንታ R @ K ብንጨምር R ≥ K ይሆናል። በአሮጌው መንገድ K ≥ R ነበር፣ < ተሰርዟል። አዲሱ መግለጫ >ን ይሰርዛል። የቀረችው = ብቻ ናት። K = R ሆነ፤ (3) የግድ ነው፣ (2) ውሸት ነው። ምልክቶቹ ላይ አንድም = ሳይጨመር እኩልነት ከሁለት ≥ ተወለደ። ተለቅ ባለ ክብም ይሠራል፦ A ≥ B፣ B ≥ C፣ C ≥ A ከተባለ ሦስቱም እኩል ናቸው፤ ዞሮ መጀመሪያው ላይ ለመድረስ የትም መውረድ አይቻልምና።

አንዳንድ ኮዶች «እኩል አይደለም» የሚል ብቻ ምልክት ይጨምራሉ። እሱም ያው ነው፤ የ = ሳጥንን ብቻ ይሰርዛል። K ≥ R ባለበት K ከ R ጋር እኩል አይደለም ከተባለ K > R ይቀራል። ይሄን ምልክት ግን በሰንሰለት ላይ አትጎትቱት። A ከ B ጋር፣ B-ም ከ C ጋር እኩል ስላልሆኑ A እና C እኩል አይደሉም ማለት አይቻልም፤ A እና C ሁለቱም 3፣ B 8 ሊሆኑ ይችላሉ። ከ = ጋር ሲገናኝ ብቻ ያልፋል፤ A = B ከሆነና B ከ C ጋር እኩል ካልሆነ፣ A-ም ከ C ጋር እኩል አይደለም።

በመጨረሻ አንድ የማስጠንቀቂያ ደወል። ሰንሰለቱን ስትከተሉ ዞራችሁ መጀመሪያው ፊደል ላይ ደረሳችሁ እንበል፤ አፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ናቸው፣ መሃል ላይ ደግሞ > አለ። ለምሳሌ በጥያቄያችን ላይ W @ K የሚል ቢጨመር K > W ≥ K ይሆናል። ይሄ ማለት K ከራሱ ይበልጣል ማለት ነው፤ ሦስቱም ሳጥኖች ተሰርዘዋል። በደንብ የተዘጋጀ ጥያቄ እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ይህን ካያችሁ ድምዳሜዎቹን ትታችሁ ወደ ኮዱ ሰንጠረዥ ተመለሱ። በመጀመሪያ «አያንስም» እና «አይበልጥም» እንዳልተቀያየሩባችሁ፣ ቀጥሎም የተገለበጡት መግለጫዎች አፋቸው አሁንም ወደ ትልቁ መከፈቱን ተመልከቱ።